ሲቀር ምን ይደርስበታል? ወንፈል፣ ቅሬ፣ ቀብድና የዱርኬም ሁለት ትስስሮች

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። ክፍል ውስጥ ሜካኒካል ትስስር የገጠር፣ ኦርጋኒክ ትስስር የከተማ ነው ተባልን። እኔ ግን አልገባኝም። አያቴ መንደር ሰው በወንፈል ይተጋገዛል፤ ያ እኮ መደጋገፍ ነው፣ ታዲያ ለምን ኦርጋኒክ አይባልም? እናቴ ደግሞ ከተማ ሆና ከቅሬ፣ ከቀብር እድሩ፣ ቀርታ አታውቅም። በምን ልለየው?»

እህቴ፣ ገጠርና ከተማ የሚለውን ለጊዜው ተይው። ለፈተና ይጠቅም ይሆናል፣ ለመረዳት ግን እንቅፋት ነው። ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርኬም በ1893 (በፈረንጆቹ) ስለ ሥራ ክፍፍል በጻፈው መጽሐፍ የጠየቀው ሌላ ነገር ነው። ሰዎችን አንድ ላይ የያዛቸው መመሳሰላቸው ነው ወይስ መለያየታቸው? ነው ጥያቄው።

ከወንፈሉ እንጀምር። ስድስት ሰው ዛሬ የአንዱን ጤፍ ያጭዳል፣ ነገ የሌላውን። ስድስት ማጭድ፣ ስድስት ጎንበስ ያለ ወገብ፣ አንድ ዓይነት ሥራ። ከስድስቱ አንዱ ቢታመም አምስቱ ይጨርሱታል። ማሳው ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ለምን ቢባል ሁሉም የሚያውቀው ያንኑ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ መሙላት ይችላል። አሁን ደግሞ አንድ የልብስ ስፌት መስመር አስቢ። አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ አንዷ የቁልፍ ቀዳዳ ታወጣለች፣ አንዱ ይተኩሳል። ኮሌታ የምትሰፋዋ ከቀረች ሸሚዙ እጅጌ የምትገጥመዋ ፊት ለፊት አንገት አልባ ሆኖ ይከመራል። መተጋገዝ በሁለቱም ቦታ አለ። በወንፈሉ ግን የሚተጋገዙት አንድ ዓይነት ስለሆኑ ነው፤ በስፌቱ መስመር የሚፈላለጉት የተለያዩ ስለሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሜካኒካል፣ ሁለተኛው ኦርጋኒክ ይባላል።

ስሙ ብዙ ተማሪ ያሳስታል። «ሜካኒካል» ሲባል ማሽን ይመጣብናል፣ ማሽን ደግሞ ፋብሪካ ነው፣ ስለዚህ ተገላቢጦሽ ይመስለናል። ዱርኬም ያሰበው ሕይወት የሌለውን አካል ነው። የድንጋይ ቅንጣቶች ሁሉም አንድ ስለሆኑ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፣ የራሳቸው እንቅስቃሴ የላቸውም። ኦርጋኒክ ያለው ደግሞ ሕይወት ያለውን አካል ነው፤ ልብ እንደ ሳንባ አይሠራም፣ ሳንባም እንደ ልብ አይሠራም፣ አንዱ ያለ ሌላው ግን አይኖርም። ከእሱ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ጀርመናዊው ቶኒስ የድሮውን ማኅበረሰብ ነበር እንደ ሕያው አካል ያየው። ዱርኬም ገለበጠው። መገልበጡ የፈለገውን ነገር ይናገራል፤ አዲሱ ኑሮ የራሱ ትስስር አለው፣ የሞተ ነገር አይደለም ማለቱ ነው።

ወደ «በምን ልለየው» ልምጣ፤ የጥያቄሽ እምብርት ይሄ ነው። ትስስር በዓይን አይታይም፣ አይመዘንም። ዱርኬም ይህን ስላወቀ የሚታይ ምልክት ፈለገና ሕግን አገኘ። አንድ ሰው ደንብ ሲያፈርስ ሌላው ምን ያደርገዋል? ይቀጣዋል ወይስ ያስተካክለዋል? የሚቀጣ ሕግ በበዛበት መመሳሰል ነው የሚገዛው። የሚክስ፣ የተበላሸውን ወደ ቦታው የሚመልስ ሕግ በበዛበት ደግሞ ልዩነትና መፈላለግ ነው። ሁለቱን እኔው ካየሁት ላሳይሽ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች መንደር፣ ዋርካ ሥር፣ የቅሬ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ ጎልማሳ ሦስት ቀብር አልወጣም ተብሎ ተከሰሰ። ሰውየው ደሴ ይነግዳል፣ ደህና ገንዘብ አለው። ተነሳና «ቅጣቱን እጥፍ አድርጌ ልክፈል፣ ከዚህ በኋላም እኔ ባልመች የሚቆፍር ሰው ቀጥሬ እልካለሁ» አለ። በቅንነት ነው ያለው፣ መፍትሔ ያመጣ መስሎታል። ሸንጎው ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ አዛውንት በከዘራቸው መሬቱን እየጫሩ «ልጄ፣ ጉድጓዱማ ተቆፍሯል። ያጣነው አንተን ነው» አሉት። ብሩን አልተቀበሉትም። ሽማግሌ ይዞ፣ የሦስቱም ለቀስተኞች ቤት ድረስ ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተወሰነ። እምቢ ካለ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አያትሽ ይነግሩሻል። እሳት አይጫርለትም፣ ውሃ አይቀዳለትም፣ ሲሞት የሚሸከመው የለም።

እስኪ ልብ በይ። ጉዳት አለ ወይ? የለም። ሟቾቹ በወጉ ተቀብረዋል። በገንዘብ የሚተካ ነገር ቢሆን እጥፍ ሲቀርብ ሰው ደስ ይለው ነበር። የተነካው ሌላ ነው፤ «ሁላችንም እንወጣለን» የሚለው፣ በሁሉም ልብ ውስጥ እኩል ያለው ስሜት። ዱርኬም ይህን የጋራ ሕሊና ይለዋል። አንድን ድርጊት የምናወግዘው ወንጀል ስለሆነ ሳይሆን ስለምናወግዘው ነው ወንጀል የሆነው የሚለው ሐሳቡ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ሌላም ይላል፤ ቅጣት በዋናነት የሚሠራው በቅን ሰዎች ላይ ነው። እኔም ያን ቀን ያየሁት እሱን ነው። ከስብሰባው ሲወጣ ሰው ስለ ጎልማሳው ብዙም አያወራም ነበር። ስለራሱ ነበር የሚያወራው፤ እገሌ በዝናብ ወጣ፣ እገሊት አራስ ሆና እንጀራ ላከች፣ እኛ እንዲህ ነን። ቅሬው በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ እንደ አዲስ ጠነከረ።

ሁለተኛው የራሴ ነው። ደሴ አንድ እንጨት ቤት ቁምሳጥን አዝዤ 6,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። ቀኑ ሲደርስ ሄድኩ፣ ቁምሳጥን የለም። ጣውላው ዘግይቶ መጥቶ ኖሮ የመጣውን ለሌላ ደንበኛ ሠርቶበታል። ተናደድኩ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ንዴቱ የእኔ ብቻ ነበር። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ዞር ብሎም አላየንም። ጎን ያለው አናጺ መጥቶ ተረጋግቶ «በቃ ውሉን ካፈረስክ እጥፉን ነው የምትመልስለት» አለው። ልክ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 የሚለው ያንኑ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል፤ በእኔ ሒሳብ 12,000 ብር ማለት ነው። በመጨረሻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዋጋው ቀንሶ ሊያስረክበኝ ተስማማን፣ አስረከበኝም። በሚቀጥለው ዓመት መደርደሪያም ያሠራሁት እሱኑ ነው።

እዚህ ማንም «ያጣነው አንተን ነው» አላለውም። ነገሩ ሁሉ ሒሳብ ነው፤ ምን ተጓደለ፣ በምን ይሞላ? ማንም ከማንም ጋር መገናኘት አላቆመም፣ አናጺውም ኀጢአተኛ አልተባለም። እጥፍ መመለሱም ቅጣት አይምሰልሽ። ሁለቱም ወገን እኩል አደጋ እንዲሸከሙ ነው፤ እኔ ባፈርስ 6,000 እከስራለሁ፣ እሱ ቢያፈርስ የራሱን 6,000 ይከስራል። የሚክስ ሕግ ማለት ይሄ ነው።

ይህ ታሪክ ሌላም ነገር ይዟል፣ እኔ በግሌ ከዱርኬም ሁሉ የምወደው ክፍል ነው። እኔና አናጺው ስንስማማ ስለ እጥፍ አንድም ቃል አልተነፈስንም። ያወራነው ስለ ቁመቱ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ቀኑ ነው። እጥፉን ያመጣው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ከገበያው ልማድ፣ ከሱም ጀርባ በ1952 ዓ.ም. ከወጣው ሕግ። (ረቂቁን ያዘጋጀው ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነበር።) በዱርኬም ዘመን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስፔንሰር ዘመናዊ ኅብረተሰብ የሚቆመው ሰዎች ለጥቅማቸው በሚገቡት ውል ነው ይል ነበር። ዱርኬም መለሰለት፤ በውል ውስጥ ያለው ሁሉ ውል አይደለም። ማንኛውም ውል ተዋዋዮቹ ባልጻፉት፣ ኅብረተሰቡ ቀድሞ ባኖረው ደንብ ላይ ነው የሚቆመው። ያ ባይኖር እኔና አናጺው ቀኑን ሙሉ እንጨቃጨቅ ነበር። ጥቅም ብቻ ሰውን አያስርም፣ ምክንያቱም ጥቅም ዛሬ ያስማማሽ ሰው ነገ ይጣላሻል። ስለዚህ ኦርጋኒክ ትስስር ማለት «ስለምፈልግህ እታገስሃለሁ» ማለት ብቻ አይደለም። የራሱ ሥነ ምግባር አለው፤ ቃል ማክበር፣ ሙያን በወጉ መሥራት፣ የሌላውን ድርሻ አለመንካት።

መለወጡ ከየት ይመጣል ካልሽ፣ ዱርኬም ሰው ሥራ የከፋፈለው ብልጽግናን ፈልጎ ነው የሚለውን አይቀበልም። ምክንያቱ ሰው መብዛቱና መቀራረቡ ነው ይላል። ብዛቱ ብቻውን አይበቃም፣ መገናኘትም አለበት፤ መንገድ፣ ገበያ፣ ከተማ። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ቦታ ሲጠጋጉ ይሻማሉ። ፒያሳ አካባቢ አንድ በረንዳ ላይ አራት ልብስ ሰፊዎች ነበሩ፣ አራቱም ሱሪ ያሳጥራሉ፣ አራቱም ደንበኛ ይጎትታሉ፣ አንዳንዴም ይሰዳደባሉ። ዛሬ አንዱ የተማሪ ዩኒፎርም ብቻ ይሰፋል፣ አንዱ መጋረጃ፣ አንዱ ዚፕና ማሳጠር፣ አንዱ የባህል ልብስ ጥልፍ። አሁን እርስ በርስ ደንበኛ ይላላካሉ። ከመሻማት መለያየትን መረጡ፤ ሲለያዩ ደግሞ ተፈላለጉ። ዱርኬም ይህን ሐሳብ ከዳርዊን ነው የወሰደው፤ የሚመሳሰሉ ፍጥረታት አንድ ቦታ ላይ ይሻማሉ፣ የሚለያዩ ግን ጎን ለጎን ይኖራሉ።

እስካሁን ያልኩት ግን ሥራ ከተከፋፈለ ትስስር በራሱ ይመጣል የሚያሰኝ ከሆነ ተሳስቻለሁ። የራሳችን አገር ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። አያትሽ መንደር ቀጥቃጭ ነበር፣ ሸማኔ ነበር፣ ፋቂ ነበር፣ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም። ማረሻ የሚሠራለት ቀጥቃጩ ነው። መፈላለግ ከዚህ በላይ የለም። ሆኖም «ጠይብ ነው» ተብሎ አይጋቡትም፣ ቡዳ ነው ተብሎ ልጅ ይደበቅበታል፣ ብዙ ቦታ መሬት አልነበረውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ከዚህ ይታያል። ታዲያ ይህን ሁሉ መፈላለግ ይዞ ትስስሩ ለምን አልመጣም?

ዱርኬም በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሥራ ክፍፍል የሚታመምባቸውን ሦስት መልኮች ያነሳል። አንደኛው በግድ የሚሆን ክፍፍል ነው። ሰው ሥራውን በችሎታው ሳይሆን በልደቱ ሲይዘው፣ የሚለዋወጡት ዋጋም አንዱ ከሌላው እኩል አቅም ሳይኖረው ሲወሰን፣ መፈላለጉ አለ፣ ትስስሩ ግን የለም። የቀጥቃጩ ልጅ ቀጥቃጭ ከመሆን ሌላ በር አልነበረውም። ገበሬው ማረሻውን ይወስዳል፣ በመኸር እህል ይሰፍርለታል፣ የሚሰፍረውን ልክ ግን የሚወስነው ማነው? መሬትም ወገንም ያለው ነው። ይህን የምለው ወሎ ተቻችሎ መኖርን የሚያውቅ አገር መሆኑን ስለማላምን አይደለም፤ አምናለሁ። በሃይማኖት ልዩነት ላይ ያሳየውን ልብ በእጅ ሥራ ላይ አላሳየም ነው የምለው። ቁስሉም ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር ትሰሚያለሽ። ስለዚህ ፈተና ላይ «የሥራ ክፍፍል ኦርጋኒክ ትስስርን ይፈጥራል» ብለሽ ስትጽፊ «ሰው ቦታውን በነጻነት የሚይዝ ከሆነና ልውውጡ ፍትሐዊ ከሆነ» ብለሽ ጨምሪበት።

ዱርኬም የተሳሳተበትም አለ፣ ይህንንም እዚሁ ወሎ ውስጥ ማየት ይቻላል። እሱ ድሮ የሚቀጣ ሕግ ብቻ ነበር፣ ካሳ በኋላ ነው የመጣው ወደሚል ያዘነብላል። ይህን ያለው የሙሴን ሕግ፣ የሮማውያንን አሥራ ሁለት ሰሌዳዎችና የመሳሰሉትን አንብቦ ነው እንጂ መንደር ገብቶ አይደለም። ደም የሚያስታርቁት የእኛ አበጋሮች ግን ሰው ሲገደል የሚያደርጉት ምንድነው? ገዳይን መግደል አይደለም። በገዳይና በሟች ወገን መካከል ይገባሉ፣ ካሳ ያስከፍላሉ፣ ደም ያደርቃሉ፣ ያማምላሉ። በግብርና በሚኖር፣ ሁሉም በሚመሳሰልበት ማኅበረሰብ ውስጥ የሚክስ ሕግ! በ1964 (በፈረንጆቹ) ሽዋርትዝና ሚለር የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 51 ማኅበረሰቦችን አነጻጽረው ያገኙትም ይህንኑ የሚደግፍ ነው። ሽምግልናና ካሳ የሥራ ክፍፍል ባልዳበረባቸውም ዘንድ አሉ፤ ቅጣት የሚያስፈጽመው ፖሊስ ነው የሥራ ክፍፍል ከዳበረ በኋላ የሚመጣው። ቅደም ተከተሉ ዱርኬም ካሰበው የተገለበጠ ሆነ።

እኔ ግን በዚህ ምክንያት መለያውን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። የደም ካሳውን ማን ይከፍላል ብለሽ ጠይቂ። ገዳዩ ብቻውን አይደለም። ወገኑ ያዋጣል፤ ወንድሙ፣ አጎቱ፣ የአጎቱ ልጅ፣ አንዳንዴም ገዳዩን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ዘመድ። ካሳውን የሚቀበለውም ወገን ነው። ቅርጹ ካሳ ነው፣ ከፋዩ ግን ሰው ሳይሆን ዘር ነው። አናጺው ዕቃዬን ባያደርስ ግን ወንድሙን ከፍለኝ ብዬ አልሄድም። ስለዚህ «ይቀጣል ወይስ ይክሳል?» ብለሽ ብቻ አታቁሚ፤ «ተጠያቂው ማነው፣ ግለሰቡ ነው ወይስ አብረውት የሚመሳሰሉት ሁሉ?» የሚለውን ጨምሪበት።

አሁን የእናትሽን ቅሬ እንመዝነው። ከተማ ውስጥ አብረው ቅሬ ያላቸው ሰዎች አንዷ ነርስ፣ አንዱ ሾፌር፣ አንዷ ጉሊት የምትሸጥ፣ አንዱ ፋብሪካ የሚሠራ ናቸው። በሥራ አይመሳሰሉም፣ ብዙ ጊዜ በሃይማኖትም አይመሳሰሉም። ሞት ላይ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ይህ ሜካኒካሉ ነው፣ አልሞተም፣ ዱርኬምም ይሞታል አላለም፤ ድርሻው ያንሳል፣ የሚሸፍነው የሕይወት ክፍል ይጠባል ነው ያለው። በመንደር ቅሬው ከቀብር አልፎ የከብት ስርቆትንም፣ የድንበር ጠብንም፣ የባልና ሚስት ኩርፊያንም ሊያይ ይችላል። በከተማ ድንበሩን ፍርድ ቤት ወስዶታል፣ ስርቆቱን ፖሊስ ወስዶታል። ለቅሬ የቀረው ቀብርና ለቅሶ ነው።

በዚያ በቀረው ውስጥ እንኳ ሌላኛው ትስስር ቀስ ብሎ እየገባ ነው። ድንኳን ተካይ በክፍያ ይመጣል፣ ወንበርና ብረት ድስት በቁጥር ተመዝግቦ ይወጣል፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለ፣ መዋጮው ወር በወር ነው። እናትሽን የቅሬውን መተዳደሪያ ደንብ እንዲያሳዩሽ ጠይቂያቸው፣ አብዛኛው የከተማ ቅሬ የተጻፈ አለው። ስለ መቅረት የሚለውን አንቀጽ ፈልጊ። «ከቀብር የቀረ ይህን ያህል ብር ይከፍላል» ብሎ የሚያበቃ ከሆነ መቅረት ዋጋ ወጥቶለታል፣ እንደ አናጺዬ ቀብድ ሆኗል ማለት ነው። ቀጥሎ «ሦስት ጊዜ የቀረ ቢከፍልም ይሰረዛል» የሚል ካለ ደግሞ በዚያች መስመር ላይ የዋርካው ሥር አዛውንት አሁንም ተቀምጠዋል። ያገኘሽውን ጻፊልኝ፣ የየትኛው ዓመት ደንብ እንደሆነም አትርሺ፤ የቆየው ደንብ ካለ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ አንብቢው።